ወንድሜ ማረሚያ ቤት ተደበደበ፤ ለማን ልጩህ?

የሐይቅ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ለታናሽ ወንድሜ ስንቅ ላደርስ ሄጄ ጆሮው ሥር አብጦ አየሁት። ለመደብ ክፈል ብሎት የለኝም ሲል የክፍሉ ካቦ ነው የመታው። ከነፍሰ ገዳይ ጋር አስገብተውታል፤ ቦታ ጠብቧቸው የሚተኙት በተራ ነው። የት ነው አቤት የሚባለው?

ወልዲያ፦ አብሽሪ እህቴ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገቢ፤ ፍርድ ቤቱ ያስፈታዋል።

የቦሩ ሰው፦ መጣበቡን ለማን ትከሻለሽ? ሌላ ክፍል ከየት ያምጡለት? ስትጮሂ እሱ ላይ ነው የሚብሰው። ዝም በይ።

ነገረ ፈጅ፦ ተፈርዶበታል ወይስ ቀጠሮ ላይ ነው?

የሐይቅ ልጅ፦ ቀጠሮ ላይ ነው፣ ዋስትና ተከልክሎ። ሐሙስ ይቀርባል።

ነገረ ፈጅ፦ እንግዲያው ሐሙስን አታሳልፉት። ወልዲያ ያልከው ያለ ሕግ ለተያዘ ሰው ነው፤ የሱን እስር ግን ያዘዘው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። መዝገቡን የያዘው ችሎት ፊት ሲቆም «የአያያዝ አቤቱታ አለኝ» ይበልና ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሐኪም አይቶት ውጤቱ በጽሑፍ ለችሎቱ እንዲቀርብ፣ ከፍርደኞች ተለይቶ እንዲያዝ። እብጠት በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሕክምናው ይቅደም። ዳኛው ማረሚያ ቤቱን መልስ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላሉ።

የቦሩ ሰው፣ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 ያልተፈረደበት ከፍርደኛ እንዲለይ ያዛል። ልዩ ሁኔታ ካለ የሚል በር አለው፤ «ቦታ የለም» የሚሉት በዚያ በር ነው። ቢሆንም ካቦ መደብ እንዲሸጥ የሚፈቅድ በር የለም።

እናት ከመርሳ፦ የኔ ልጅ ፍርደኛ ነው፣ ሩቅ ነው ያለው። ቅርብ ይምጣልኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ነገረ ፈጅ፦ እማማ፣ የርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚሁ ክልል ውስጥ ከሆነ ለክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን በጽሑፍ ያመልክቱ።

የሐይቅ ልጅ፦ ወንድሜ «ተመልሼ ስገባ ካቦው ይጠብቀኛል፣ አልናገርም» ይላል። እሱ ካልተናገረስ?

ነገረ ፈጅ፦ አንቺ አቤት በይ፤ የማንዴላ ሕጎች የሚባሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦች እስረኛውም ጠበቃውም ማመልከት ካልቻሉ ቤተሰብ ማመልከት ይችላል ይላሉ። ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ጻፊ፦ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የትኛው አካሉ እንደተጎዳ። ያላየሽውን አትጨምሪ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና መዝገብ ቤቱ ባንቺ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍርበት። ያ ከሌለሽ «አልደረሰንም» ይሉሻል። ግልባጩን ባህር ዳር ላለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ላኪ፤ በቀልን ስለሚፈራ ብቻውን እንዲያነጋግሩትም ጠይቂ። ኮሚሽኑ ገብቶ ያያል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤት ነው።

የቦሩ ሰው፦ ደብዳቤው ገብቶ እሱ እዚያው ክፍል ከቆየስ? የማታውን ማን ይጠብቀዋል?

ነገረ ፈጅ፦ እውነት ነው፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤው የክፍል ለውጥ ዛሬውኑ መጠየቅ ያለበት። ለኃላፊው በቃልም ንገሪያቸው።

ወልዲያ፦ እኔ አሁንም አካልን ነፃ ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ።