ጺም ያለው ሰው ላይ ጺም የሌለው ፊት ለመግጠም ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

ሚኪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አጭር ኮሜዲ እየሰራን ነው። ዋናው ተዋናይ ጺም የለውም፣ ፊቱን እንድንጠቀም ፈቅዷል፣ በሱ ቦታ የተቀረፀው ልጅ ግን ሙሉ ጺም ከነሪዙ አለው። በFaceFusion ሞከርኩት፣ ዓይንና አፍንጫው ቆንጆ ነው ግን ጉንጩ ላይ ጺሙ እንደ ጥላሸት ይሆንና መንጋጋው ጋ ሲደርስ እንደገና ይጠቁራል። DeepFaceLab ልግባበት ወይስ ለስቱዲዮ ልስጠው?

ቤዛ፦ face enhancer አብራው፣ ጥራት ማነስ ነው

ኤዲተሩ፦ ቤዛ ጥራቱን ይጨምራል እሺ፣ ግን ያንን ጥላሸት ራሱ ነው የሚያጠራው፣ በየፍሬሙም ሌላ ፀጉር ስለሚስል ጉንጩ ይርገበገባል። ሚኪ የተጠቀምከው inswapper_128 ከሆነ ፊቱን በ128 ፒክስል ነው የሚሰራው፣ ከተዋናዩ መልኩን ይወስዳል እንጂ ጺም ይኑረው አይኑረው የሚለውን በአብዛኛው ከቀረፃው ነው የሚያነበው። ታሪኩ ጺም ከፈቀደ አትታገለው፣ ጺሙን ተወውና ማስኩን ከታች ከፍ አድርገው፦

```
--face-mask-padding 0 0 20 0
```

ሶስተኛው ቁጥር የታችኛው ነው፣ ከ10 ጀምረህ ጨምር። ሪዙ ግን ከአፍ ጋር ስለሆነ በዚህ አይድንም፣ region ማስክ ውስጥ አፍና ከንፈሩን አውጥተህ እየው።

አቤል_ጂም፦ እኔም ጉንጬ ላይ አልበቅል ብሎኛል፣ የትኛው ዘይት ይሻላል?

ሚኪ፦ 😂 አቤል ሌላ ቤት ነው። ኤዲተሩ፣ ጺሙ መጥፋት አለበት፣ ገፀ ባህሪው ሌላው ትዕይንት ላይ ተላጭቶ ነው የሚታየው

ኤዲተሩ፦ እንግዲያው DeepFaceLab በ whole_face። XSeg ላይ የልጁን ጺም በሙሉ ማስኩ ውስጥ አስገብተህ በእጅህ ሳል፣ በተለይ ጎን የዞረበትንና አገጩን ቀና ያደረገበትን ፍሬም አትዝለል። ችግሩ ከአገጭ በታች አንገት ላይ የወረደው ነው፣ እዛ ከተዋናዩ የሚመጣ ቆዳ የለም፣ በሌላ ፕሮግራም በእጅ ነው የሚጠፋው። ጆሮ ጋ የሚወርደው ፀጉርም እንደዛው። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለት ልጁ ተላጭቶ ተዋናዩ አጭር ጺም ቢኖረው፣ በጣም ይቀልህ ነበር።

ሰላም_ሜካፕ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን፣ ልጁን ፀጉር ቤት ወስዳችሁ አስላጩትና የቅርቡን ሾት ብቻ ድገሙት፣ ጺም ካስፈለገም እኛ እንለጥፋለን። ስቱዲዮም ብትሰጠው የአንገቱን ሥራ በሾት ነው የሚያስከፍልህ

ሚኪ፦ ሎኬሽኑን መልሰናል እኮ። ጆሮውስ? የልጁ ወጣ ያለ ነው

ኤዲተሩ፦ ጆሮ ከማስኩ ውጪ ነው፣ የልጁ እንዳለ ይቀራል። ፊት ለፊት ሲሆን ማንም አያይም፣ ሙሉ በሙሉ ጎን ሲዞር ግን ያስነቃል፣ እነዚያን ሾቶች ቁረጣቸው። head የሚባል ምርጫ አለ፣ ፀጉሩንም ጆሮውንም ይዞ ይመጣል፣ ግን ተዋናዩን በሁሉም አቅጣጫ በአንድ የፀጉር ቁርጥ መቅረፅ አለብህ።

ቤዛ፦ ኮፍያ ቢያደርግስ

ሰላም_ሜካፕ፦ ከተቀረፀው ጋር ኮንቲኒዩቲው ይበላሻል። ለማንኛውም አንገቱ የሚታይበት ስንት ሾት አለህ? እሱን ቁጠርና ነው መወሰን ያለብህ