የ60 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ለትንሽ ባልትና ሱቅ፦ የቱ ይውጣ?

ጥያቄ፣ ባለ ባልትናዋ (ማራኪ)

ሰላም ናችሁ? ጎንደር ማራኪ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። በቅበላ ሳምንት በከተማችን ኤፍ ኤም የ60 ሰከንድ ማስታወቂያ ላስነግር ነው። የጻፍኩትን ሳነበው ግን ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ጣቢያው «ወይ አሳጥሪው፣ ወይ የሁለት ደቂቃ ክፈይ» አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ያለኝን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ «ይጎብኙን፣ በሁለቱ ስልኮቻችን ይደውሉልን፣ ቴሌግራማችንን ይቀላቀሉ፣ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን፣ ለድግስም ትዕዛዝ እንቀበላለን።» የቱ ይውጣ?

የአራዳው

ምንም ብታወጪ ስልኩን እንዳትነኪው። እንዲያውም ሦስት ጊዜ ይደገም። ማስታወቂያ ማለት መደጋገም ነው። ከኋላው ደግሞ አንድ የታወቀ የጎንደር ዘፈን ጣል አድርጊበት፤ ሰው ሳይወድ ጆሮውን ይሰጣል።

ስቱዲዮ የምውል

መደጋገሙ ልክ ነው። የሚደጋገመው ነገር ላይ ግን አልስማማም። አንድ የስልክ ቁጥር ሰው እንዲይዘው ቀስ ተብሎ ሲነበብ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይበላል። ሁለቱን ስልክ ሦስት ሦስት ጊዜ ካልነው ወደ 40 ሰከንድ ሄደ። ለሽሮው ምን ቀረ? ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰውም፣ ሊጥ የያዘች ሴትም እስክሪብቶ አያነሱም። ዘፈኑም የሰው ንብረት ነው። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማስታወቂያ ውስጥ አይገባም።

እህቴ፣ ያንቺ ችግር ርዝመቱ ብቻ አይደለም። መጨረሻው ላይ ሰሚውን አምስት ነገር አዘሽዋል። አምስት የታዘዘ ሰው አንዱንም አያደርግም። መጀመሪያ አንዱን ምረጪ፣ ሌላው ራሱ ይወድቃል። ሰፈር ውስጥ ላለ ሱቅ እኔ የምመርጠው «መጥተው ይህን ቃል ይበሉ» የሚለውን ነው። ሱቅሽ ቅርብ ነው፣ ዕቃሽም ታይቶና ተሽትቶ የሚገዛ ነው። ሰው የሬዲዮውን ቃል ይዞ ሲመጣ ደግሞ ስንቱን ሬዲዮው እንዳመጣልሽ ታውቂያለሽ። ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ድግስ ይውጡ። ከዕቃውም ሽሮው ብቻ ይቅር፤ በርበሬውን ሱቅ ሲገቡ ያዩታል።

ልኩን በተመለከተ፣ በእኛ ስቱዲዮ ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው በደቂቃ ከ100 ቃል ብዙም አያልፍም። ከመነሻና ከመድረሻ ድምፅ የሚተርፈው ወደ 54 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ90 ቃል አትለፊ። ቁጥር ካለ በፊደል ጽፈሽ ቁጠሪው፤ በአኃዝ አንድ ቃል የሚመስለው ሲነበብ አምስት ቃል ይሆናል። እንዲህ ሞክሬዋለሁ፦

(የወፍጮ ድምፅ፣ 3 ሰከንድ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)
አንደኛዋ፦ ሰኞ ፆም ሊገባ ነው፣ ሽሮሽ ደረሰ?
ሁለተኛዋ፦ የት ደርሶ! ሽምብራው እንኳ አልተቆላም።
አንደኛዋ፦ ታዲያ ማራኪ ብቅ አትይም?
ተራኪ፦ እገሊት ባልትና። ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ከነቅመሙ የተፈጨ ምጥን ሽሮ። እስከ ቅዳሜ ማታ ሱቃችን መጥተው «በሬዲዮ ሰማሁ» ይበሉ። ሁለት ኪሎ ሽሮ ለገዛ ሩብ ኪሎ እንመርቃለን።
ሁለተኛዋ፦ ማራኪ የት ጋ?
አንደኛዋ፦ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴው በር።
ሁለተኛዋ፦ አረንጓዴው በር!
ተራኪ፦ እገሊት ባልትና። እስከ ቅዳሜ ማታ ይምጡ። «በሬዲዮ ሰማሁ» ይበሉ።

የቦታ ምልክቱን እኔ ፈጠርኩት፣ በራስሽ ቀይሪው። የሱቁም ስም ያንቺ ነው። ስሙ፣ በሩ፣ ቅዳሜና «በሬዲዮ ሰማሁ» ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ድግግሞሽ ያልነው ይኸው ነው።

አዘዞ፣ የጫማ ቤት

እኔም አስነግሬ ነበር። የአየር ሰዓቱ ዋጋ አይቀመስም! በወረቀት አሳትመሽ ብትበትኚ ይሻልሽ ነበር። የእኔ ስልክ ቀኑን ሙሉ ጮኸ፤ ሁሉም «ስንት ነው?» ብሎ ይዘጋል። ጣቢያው ደግሞ ማታ ሰው ሊተኛ ሲል ነው የለቀቀልኝ። በስንት ተዋዋልሽ?

ባለ ባልትናዋ

ዋጋውን አስቀድሜ ከፍያለሁ ወንድሜ፣ የቸገረኝ ጽሑፉ ነው። «ስንት ነው?» ብለው መዝጋታቸው ግን ጠቅሞኛል፤ ስልኩን አወጣዋለሁ። ስቱዲዮ የምትውለው፣ ሩብ ኪሎው አያከስረኝም?

ስቱዲዮ የምውል

ሁለት ኪሎ ላይ ሩብ ማለት የገዙትን አንድ ስምንተኛ መስጠት ነው። ትርፍሽ ከዚያ ካነሰ መቶ ግራም አድርጊው፣ ወይም ሦስት ኪሎ ለገዛ በይ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሽሮው ሐሙስ አልቆ ማስታወቂያው እስከ ቅዳሜ ከተነገረ ሰው በሩ ላይ ይጣላሻል። የማስታወቂያ አዋጁም 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። የፈጨሽው የማይበቃ ከመሰለሽ «ሽሮው እስካለ» የሚል ይጨመር። ሁለት ቃል ነው።

እማማ (ቀሃ)

ልጄ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ሴቶቹ ግን የስቱዲዮ ሴቶች ናቸው። «ሽሮሽ ደረሰ?» የሚል የለም፤ «ሽሮ አዘጋጀሽ ወይ?» ነው የምንለው። ደግሞስ ባለሙያ ሴት ሽሮዋን እስከ ቅበላ ሳምንት ታቆያለች? ቀድማ ነው የምታስፈጨው። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢነገር ይሻላል ባይ ነኝ። የደንቢያ ሽምብራ ከሆነ ይጠራ፣ እዚህ አገር የማያውቀው የለም። ካልሆነ ግን አይጠራ፣ ቀማሽ አይሸወድም።

ስቱዲዮ የምውል

እማማ፣ አነጋገሩን እንዳሉት አስተካክለነዋል። በሳምንቱ ግን ልከራከርዎት። ቀድማ ያስፈጨችው የእህታችን ደንበኛ አትሆንም። ገዢዋ ጊዜ ያጣችው፣ ቢሮ የምትውለው፣ ተከራይታ የምትኖረው ተማሪ ናት። እነሱን የሚያስቸኩላቸው የመጨረሻው ሳምንት ነው።

እማማ (ቀሃ)

ተማሪ ሁለት ኪሎ ሽሮ ምን ያደርግላታል?

የአራዳው

ይቺኛዋ ገባች! ለተማሪ ከሆነ ግማሽ ኪሎ በሉት እንጂ።

ባለ ባልትናዋ

አንድ ኪሎ ለገዛ መቶ ግራም አድርጌዋለሁ። «ሽሮው እስካለ» ገብቷል። ሽምብራው የደንቢያ ስለሆነ እሱንም ጨመርኩ። እኔና እህቴ ድምፅ አውጥተን በስልክ ሰዓት ለካነው፣ ከወፍጮው ጋር 58 ሰከንድ መጣ።

ስቱዲዮ የምውል

58 ጠባብ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ይቸኩላል፤ ማይክ ፊት ረጋ ሲል 62 ይሆንና ቴክኒሻኑ መጨረሻውን ይቆርጠዋል። የሚቆረጠው ደግሞ «ይምጡ» የምትይበት ነው። «ተለቅሞ፣ ተቆልቶ» የሚለውንና ሌላ ሁለት ሦስት ቃል አውጪና 55 አድርሺው። ከዚያ ሱቅሽን ለማያውቅ ሰው አንዴ ብቻ አንብቢለትና «ምን አድርግ አልኩህ?» ብለሽ ጠይቂው። ቅዳሜን፣ አረንጓዴውን በርና «በሬዲዮ ሰማሁ»ን ካልመለሰልሽ ቀረጻ አትግቢ።

ባለ ባልትናዋ

የጎረቤቴን ልጅ ጠየቅኩት። በሩንና ቅዳሜን መለሰ። «በሬዲዮ ሰማሁ» የሚለውን ግን ረሳው።

ስቱዲዮ የምውል

መቶ ግራሙ ከቃሉ በፊት መጥቶ ይሆናል። አስቀድሞ «በሬዲዮ ሰማሁ ይበሉ»፣ ወዲያው ተከትሎ «መቶ ግራም እንመርቃለን» ይሁን፤ ቃሉና ስጦታው አይለያዩ። እስቲ ለሌላ ልጅ አንብቢለት።

አዘዞ፣ የጫማ ቤት

ሰዓቱን አደራ! ማታ እንዳይለቁብሽ፣ ውሉ ላይ በሰዓት ይጻፍ።

ባለ ባልትናዋ

ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ተባብለናል፣ በጽሑፍ ነው። ሳምንቱን ግን ገና አልወሰንኩም፤ እማማ ያሉት እየከነከነኝ ነው። ቀደም ብሎ አስነግሮ የሸጠ ባለ ባልትና እዚህ ካለ ይጻፍልኝ።