ባህር ዳር ለሲኒየር አካውንታንት ከ20 እስከ 45 ሺ፣ የምር ነው ወይስ ማጥመጃ?

ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ እርዱኝ ግራ ገብቶኛል። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሲኒየር አካውንታንት ይፈልጋል፣ ደሞዙ ከ20,000 እስከ 45,000 ብር ይላል። ላዩ ከታቹ ከእጥፍ በላይ ነው እኮ፣ እሱ ራሱ አጠራጠረኝ። ቴሌግራም ላይ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ስለቃቅም 40 ምናምን የሚሉት በሙሉ አዲስ አበባ ናቸው፣ የባህር ዳሮቹ ደግሞ አብዛኞቹ ብሩ በሐምሌ 2016 ሳይወርድ በፊት የወጡ ስለሆኑ ጣልኳቸው። የቀሩኝ ሦስት ብቻ ናቸው፣ 18፣ 22 እና 26 ሺ። ታዲያ ላዩን 45 ማን ያገኘዋል ብዬ ልተወው ስል የ22ቱ ላይ "ኔት" የሚል አየሁ! በአዲሱ ግብርና በ7% ጡረታ ወደ ኋላ ሳሰላው ግሮሱ 34 ሺ አካባቢ መጣ፣ በዚያው ስሌት የሆቴሉ 20 ሺ ግሮስ ከሆነ እጅ ላይ የሚገባው 13,650 ነው። ሁለቱ ሌሎች ግሮስ ይሁኑ ኔት አልተጻፈም። እዚሁ ከተማ ሆቴል ፋይናንስ የምትሠሩ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ሳይጨመር ቤዚክ ግሮሱ ስንት ነው? 32 ብዬ ብጠይቅ ይስቁብኛል?