የዞኮሎው ሜትርና የሴራሚኩ ትራፊ፦ ለ24ቱ ቤቶች የጋራ ግዥ

ሰብሳቢ
እንደምን አመሻችሁ። የባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ቤቶቻችን ልስን እያለቀ ነው። ሴራሚኩን ከአዲስ አበባ በአንድ ጭነት ልናስመጣ ተስማምተናል፤ 60 በ60 ነው። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው የዞኮሎው ጉዳይ ግን ቀርቷል። አብረን ካልገዛነው ቀለሙ ላይገጥም ይችላል፤ ያው ሴራሚክ በሌላ ጊዜ ሲመረት ጠቆር ወይም ፈካ ይላል። ስለዚህ ሜትሩን አሁን እንወቀው።

ቤት ቁጥር 11ን ከልስን በኋላ ለክቻለሁ። ሳሎኑ 4.80 በ4.00፣ ትልቁ መኝታ 3.60 በ3.20፣ ትንሹ መኝታ 3.30 በ3.00፣ ኮሪደሩ 3.00 በ1.20 ነው። ፕላኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትጠቀሙ፤ ያ ከብሎኬት ብሎኬት ነው፣ ልስኑ በየአቅጣጫው ወደ 4 ሳንቲም በልቶበታል። ኩሽናውና መታጠቢያው ግድግዳቸው ሴራሚክ ስለሚለብስ ዞኮሎ የላቸውም።

ቤት 7
እኔ አስልቻለሁ። የአራቱ ክፍሎች ዙሪያ ሲደመር 52.20 ሜትር ይመጣል። በሮቻችን ስድስት ናቸው። የውጭው 1 ሜትር፣ የመታጠቢያው 80 ሳንቲም፣ የቀሩት አራቱ 90 90። ድምራቸው 5.40። ስለዚህ ለአንድ ቤት 46.80 ሜትር ይበቃል።

ቤት 3
ወንድሜ፣ ዙሪያውን በትክክል ደምረሃል። በሮቹን ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀነስከው። ትልቁን መኝታ ከሳሎን የሚለየውን በር ተመልከት። በሳሎኑ በኩል 90 ሳንቲም ግድግዳ የለም፤ በመኝታውም በኩል የለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ከሳሎን ወደ ኮሪደር ያለውና የትንሹ መኝታ በርም እንደዚያው ናቸው። የውጭው፣ የኩሽናውና የመታጠቢያው ግን አንዴ ብቻ ይቀነሳሉ፤ በሌላ ጎናቸው ዞኮሎ የለማ።

እንዳይምታታ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ያዙት። የሳሎኑ ዙሪያ 17.60 ነው፣ በሮቹ 1.00 እና 0.90 እና 0.90፤ 14.80 ይቀራል። ትልቁ መኝታ 12.70፣ ትንሹ 11.70። ኮሪደሩ ዙሪያው 8.40 ቢሆንም አራት በር ስላለው 4.90 ብቻ ነው የሚቀረው። በጠቅላላው 44.10 ሜትር። ከአንተው 2.70 ያንሳል፤ በ24 ቤት ሲባዛ 65 ሜትር ገደማ ነው።

ስትለኩ ደግሞ መዝጊያውን አትለኩ። ዞኮሎው የሚቆመው መቃኑ ጋ ስለሆነ ሜትሩን ከመቃኑ ውጭ እስከ መቃኑ ውጭ ዘርጉት።

ቤት 7
ገባኝ ጋሼ። በሮቹን ነው ያበላሸሁት። 44.10 ይያዝልኝ።

ቤት 15
ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። አሁን የተከራየሁት ሽምብጥ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ከሥር ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል። ዞኮሎውን ከፍ አድርገን 20 ሳንቲም ብንሠራው እርጥበቱን አይከለክልልንም?

ቤት 3
አይከለክልም እትዬ። ያ ውኃ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው፤ ፊቱን ብንሸፍነው ከፍ ብሎ ይወጣል። መፍትሔው ከመሠረቱ ላይ ነው። ዞኮሎ ግድግዳውን ከመወልወያና ከጫማ ነው የሚጠብቀው። ለዚህ 8 ሳንቲም በቂ ነው።

ቤት 20
እኔ ዞኮሎ ለምን እንደምንገዛ አልገባኝም። ዘንዘልማ ያለው ወንድሜ ቤቱን ሲያሠራ ዞኮሎው ሙሉ በሙሉ ከወለሉ ትራፊ ነው የወጣው። አንድም ሴራሚክ አልጨመረም።

ቤት 3
የእሱ ክፍሎች ልክ ሌላ ይሆናል። ትራፊው የሚወሰነው በክፍሉ ልክ ነው፤ የኛን እንይ።

ሳሎን፦ 4.80 ልክ ስምንት ሴራሚክ ይይዛል። በ4.00 በኩል ስድስት ሙሉ ይገባና 40 ሳንቲም ይቀራል። ስለዚህ ስምንት ሴራሚክ በ40 ይቆረጣል፣ ከእያንዳንዱ 20 በ60 የሆነ ቁራጭ ይተርፋል። ጥሩው ትራፊ ይሄ ነው።

ትልቁ መኝታ፦ በ3.20 በኩል አምስት ሙሉ ገብቶ 20 ሳንቲም ይቀራል። ሠራተኛው ካልተነገረው ስድስት ሴራሚክ ቆርጦ ስድስት ትልልቅ ቁራጭ ያተርፋል። ትራፊው ብዙ ይመስላል፣ ግን ብክነት ነው። ከአንድ ሴራሚክ ሦስት 20 ይወጣል፤ ዲስኩ የሚበላው ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ግድግዳው ጋ ዞኮሎው ሥር ይደበቃል። ሁለት ሴራሚክ ይበቃል። ለዞኮሎ የሚተርፍ የለም።

ትንሹ መኝታ በግማሽ ስለሚያልቅ አንድ ግማሽ ሴራሚክ ብቻ ይተርፋል። ኮሪደሩ ሁሉም ሙሉ ነው።

ሰብሳቢ
ታዲያ ከዚህ ስንት ሜትር ዞኮሎ እናገኛለን?

ቤት 3
ቁመቱን ንገረኝና ልንገርህ። በ8 ሳንቲም ከሆነ ከሳሎኑ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ይወጣል። 16 ዘንግ በ60፣ 9.60 ሜትር። ከግማሹ ሴራሚክ ሦስት፣ 1.80። ድምሩ 11.40 ሜትር። ከሚያስፈልገን ሩብ ያህል ነው። ለቀሪው 32.70 ሙሉ ሴራሚክ እንቆርጣለን፤ ከአንዱ ሰባት ዘንግ፣ 4.20 ሜትር ይወጣል። ስምንት ሴራሚክ ይበቃል። ያለ ትራፊ 11 ይፈልግ ነበር።

10 ሳንቲም ካልን ግን ከ20ው ቁራጭ ሁለት አይወጣም፤ ዲስኩ በልቶት ከ10 ያንሳል። አንድ ብቻ ይሆናል። ከሙሉውም አምስት ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሁለት ሳንቲም ጨምረን የሳሎኑን ትራፊ ግማሽ እንጥላለን። የእኔ ሐሳብ 8 ነው።

ቤት 20
በትራፊው በየቤቱ የምናድነው ሦስት ሴራሚክ? ለ24 ቤት 72 ነው። ካርቶኑ አራት ከያዘ 18 ካርቶን ማለት ነው። እሺ፣ ዋጋ አለው። ግን የተቆረጠው ጠርዝስ? ከላይ ሲታይ ያስቀይማል።

ቤት 3
ልክ ነህ። ከሁለቱ ዘንግ አንዱ የፋብሪካ ጠርዝ አለው፤ እሱ ወደ ላይ ይዞራል። ሌላው በሁለቱም በኩል የተቆረጠ ነው። እሱ በድንጋይ ተሞርዶ አልጋና ቁምሳጥን ከሚሸፍነው ግድግዳ ላይ ይዋል። ወይም ዞኮሎው ልስኑ ውስጥ ገብቶ እኩል ይሁን፤ ያኔ ጠርዙ አይታይም።

ቤት 9
ልስኑ ውስጥ የሚለውን አልቀበልም። ልስናችን አልቋል። በግራይንደር ድጋሚ መፈልፈል ነው፤ አቧራውም ወጪውም የኛ ነው። ከላይ ተለጥፎ ጠርዙ ይሞረድ።

ቤት 3
ሥራው የእጅ ነው፤ ካልተከታተልነው ሳይሞረድ ያልፋል። እኔ አሁንም ልስኑ ውስጥ እመርጣለሁ።

ሰብሳቢ
ይሄን እናንጠልጥለው። የጋራው ሐሳብ እስካሁን እንዲህ ይጻፍ፦ «የዞኮሎ ቁመት 8 ሳንቲም። ለአንድ ቤት 44.10 ሜትር። ከወለሉ ጋር በአንድ ምርት ለየቤቱ ስምንት ሴራሚክ ለዞኮሎና አንድ ለስብራት ይጨመር። የሳሎኑ ወለል መጀመሪያ ይነጠፍ፤ 20 በ60 የሆኑት ቁራጮች የቤቱ ቁጥር ተጽፎባቸው እዚያው ቤት ይቀመጡ። ዞኮሎ መቃን ሳይተከል አይለጠፍ።»

ቤት 9
የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። አሁን የምኖርበት ቤት ዞኮሎው ቀድሞ ተለጥፎ መቃኑ በኋላ ገባ። በሩ ጎን ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቀርቷል።

ቤት 7
ጋሼ፣ መቃኑ ከግድግዳው ቀጭን ነው አይደል? በሌላው ጎን በር ውስጥ የሚቀረው ግድግዳስ ዞኮሎ አይፈልግም?

ቤት 3
ጎበዝ። ይፈልጋል። መቃኑ በአንድ ጫፍ ከተተከለ በሌላው ጎን ግራና ቀኝ 12 ሳንቲም ያህል ይቀራል። በአንድ በር 24 ሳንቲም ነው። በአምስቱ የውስጥ በሮች ቢበዛ 1.20 ሜትር። ለዚህ አዲስ አይቆረጥም፤ አጫጭሩ ስባሪ ይበቃል። ግን መቃኑ በየትኛው ጎን እንደሚተከል በር ሠሪው አልነገረንም። የኩሽናውና የመታጠቢያው ባዶ ወደ ሴራሚኩ ግድግዳ ከዞረ ዞኮሎ አያስፈልገውም።

ሰብሳቢ
ነገ ጠዋት ዎርክሾፑ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ቤት 1 እና 24 ጥግ ስለሆኑ የውጭ በራቸው በጎን ነው፤ ሁለታችሁም ሳሎናችሁን በሜትር ለክታችሁ እዚህ ጻፉልኝ።