የዋይፋይ ኮዱ ላይ ያለው O ነው ወይስ ዜሮ?

የእናቴን ቤት ራውተር ሪሴት አድርጌው አሁን የሚቀበለው ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ኮድ ብቻ ነው። ኮዱ 12 ፊደልና ቁጥር ነው። ይህን ይመስላል (ሌሎቹን ፊደሎች ቀይሬያቸዋለሁ፣ እንዳትደክሙ)፦

```
W7kO4mlpR2lx
```

የሚያሳስቱኝ ሦስት ቦታዎች ናቸው። 4ኛው ክብ ነገር O ወይም 0 ነው። 7ኛውና 11ኛው ደግሞ ቀጥ ያሉ ሰረዞች ናቸው፤ ትንሹ l፣ ትልቁ I ወይም 1 ሊሆኑ ይችላሉ። ሲባዛ 18 አማራጭ ይሆናል።

በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጎላሁት። እዚያው ወረቀት ላይ የማክ አድራሻ አለ። ማክ አድራሻ ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F ብቻ ስለሚጠቀም፣ እዚያ ያለው ክብ ያለ ጥርጥር ዜሮ ነው። ከኮዱ ጋር ሳስተያየው የማኩ ዜሮ ጠበብ ይላል፣ የኮዱ ግን ድቡልቡል ነው። ስለዚህ O ነው አልኩ። የማኩ 1 አናቱ ላይ አፍንጫ አለው፤ የኮዱ ሰረዞች የላቸውም። 1ንም ጣልኩት። የቀረኝ l ወይስ I የሚለው ብቻ ስለሆነ 4 ሙከራ ነው።

አራቱንም ሞከርኩ። የይለፍ ቃሉን እያየሁ ነው የጻፍኩት፣ የጣት ስህተት አይደለም። ሁሉም «የተሳሳተ» አለኝ። በኬብል ልግባ ብልም የቅንብሩ ገጽ የሚጠይቀው ይህንኑ ኮድ ነው።

ከቀሩት 14 አማራጮች በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በአንድ ወረቀት ላይ የማክ አድራሻውና ኮዱ በተለያየ የፊደል ቅርጽ ሊታተሙ ይችላሉ?