ዋሽቶ የሚያመሽ ልጅ፦ በሩ ይዘጋበት?

የማርቆስ እናት (ጠያቂ)፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። «ጓደኛዬ ቤት ልናጠና ነው» ብሎ ይወጣል። ሲጣራ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ እያየ ነው የሚያመሸው። ማታ 5 ሰዓት አልፎ ይገባል። አባቱ «ከ2 ሰዓት በኋላ ከመጣ በሩ አይከፈትለትም» ብሏል። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የቡሬው አባት፦ አባቱ ልክ ነው። ጀንበር ከጠለቀች ከብቱም ይገባል፣ ልጁም ይገባል። እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። አንድ ሌሊት ደጅ ቢያድር ሁለተኛ አይለምደውም።

የፍኖተ ሰላም ነርስ፦ በሩ ሲዘጋበት የት ሄዶ ያድራል? እደጃችሁ ተቀምጦ አይነጋለትም። ማታ ቤቱን የሚከፍትለት ሰው ዘንድ ይሄዳል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አታውቁም። ቅጡት፣ ግን ቤት አስገብታችሁ ቅጡት።

ጡረተኛ መምህር፦ እታለም፣ እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አለ። ማምሸት አንድ ነው፣ መዋሸት ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ዱላ ከመታችኋቸው ልጁ «እውነቱን ብናገርም ያው ነው» ይላል። ያኔ ውሸቱ ያዋጣዋል።

በሌሊት በር ላይ ቆማችሁ አትጨቃጨቁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁላችሁም ስትረጋጉ አስቀምጡት። መግቢያው ለትምህርት ቀን ለምሳሌ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለቅዳሜ 3 ሰዓት ነው በሉ። ሲወጣ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ይናገር። ሐሳቡ ከተቀየረ ይደውል።

ካመሸ የሚቀጥለው ቅዳሜ በ3 ሰዓት ፈንታ በ2 ሰዓት ይግባ። ከዋሸ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ይምጣ። አምሽቶ እውነቱን ከተናገረ የመጀመሪያው ቅጣት ብቻ ይበቃዋል። ይህን ልዩነት በተግባር ማየት አለበት። የወር ቅጣት አትጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት እናንተው ትሰለቹና ትተዉታላችሁ፤ ልጁም ቃላችሁ እንደማይጸና ይማራል።

ደግሞ የት እንዳመሸ እያወቃችሁ «የት ነበርክ?» አትበሉት። እሱ ማስዋሸት ነው። «ኳስ ስታይ እንዳመሸህ አውቃለሁ» ብላችሁ ጀምሩ።

የሞጣ ልጅ፦ ጋሼ መምህር፣ ኳሱን አልነኩትም። የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አብዛኛው በእኛ ሰዓት ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምራል። እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 1 ሰዓት ተኩል ግባ ማለት ጨርሶ አትይ ማለት ነው። እኛ ቤት ኳስ ፈጽሞ ስለማይፈቀድ ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ «ጥናት» ነው የሚለው። የቅዳሜና የእሁዱ የእንግሊዝ ጨዋታ ግን ከሰዓት በኋላም አለ። እሱን ፍቀዱለት።

ጡረተኛ መምህር፦ ልክ ብለሃል። የሚፈቀድ ነገር ከሌለ እውነት የሚናገርበት ምክንያት የለውም። የሌሊቱ ጨዋታ በትምህርት ቀን ይቅር። ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ግን አባቱ አብሮት ሄዶ ይይ።

የባሕር ዳር እናት፦ የእኔዋ ሴት ናት፣ 17 ዓመቷ። አታመሽም። ግን ስልኳን ከእጇ አትለይም። ስትተኛ ከፍቼ ልየው?

ጡረተኛ መምህር፦ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው እህቴ፣ ግን ተደብቆ ማየቱን አልመክርሽም። ስታቲንና ኬር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ወጣቶች ያገኙትን አሳትመዋል። ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በአብዛኛው ልጁ ፈቅዶ ሲነግረው እንጂ በመከታተል አይደለም።

የቡሬው አባት፦ ፈቅዶ የሚናገር ልጅማ መጀመሪያውንም ደህና ልጅ ነው። የማይናገረውን ምን እናድርገው?

ጡረተኛ መምህር፦ እውነትዎን ነው፤ በዚያ ጥናት ላይ ሌሎችም ይህንኑ አንስተዋል። ስለዚህ የዋሸን ልጅ ማጣራት ይገባል፣ ግን በግልጽ። «ለጓደኛህ እናት እደውላለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ቃሉ እውነት ሆኖ ከተገኘ መደወሉን ተዉ፣ መተዋችሁንም ንገሩት።

የፍኖተ ሰላም ነርስ፦ እናቱ፣ ገንዘቡንም ልብ በይ። ኳስ ባለበት ቤቲንግ አይጠፋም። ከቤት ብር ከጎደለ፣ ዕቃ ከተሸጠ ወይም ካልታወቀ ሰው ከተበደረ ነገሩ ከማምሸት አልፏል። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀን የሚተኛ ከሆነም ጫት ይኖር እንደሆነ ጠይቂው። ያኔ የመግቢያ ሰዓት ብቻውን አይመልሰውም።

የማርቆስ እናት፦ ብር እስካሁን አልጎደለም። ቅዳሜ እናስቀምጠዋለን። ግን አባቱ ለትምህርት ቀን 12 ሰዓት ነው የሚለው። የበሩንም ነገር አልተወም።

የቡሬው አባት፦ እኔም አልተውኩም። በሩ የሚከፈት ከሆነ ሰዓቱ ለምን ተባለ?

ጡረተኛ መምህር፦ ቅጣቱ ነው ሰዓቱን የሚያስከብረው እንጂ በሩ አይደለም። እታለም፣ ዛሬ ማታ ልጁ ሳይሰማ ከአባቱ ጋር ጨርሱ። 12ም ይሁን 1 ተኩል፣ ቅዳሜ የሁለታችሁም አፍ ተመሳሳይ ሰዓት ይናገር።