ማታ ማታ የሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት፦ ጥፋቱ የሰፈሩ መስመር ይሆን?

ሰላም ወገኖች። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። የቤቴ ፋይበር የ10 ሜጋ ቢት ነው። ጠዋት ስለካው 9 አካባቢ ይሰጠኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን 1 ሜጋም አይሞላ። 5 ሰዓት ሲያልፍ ራሱ ይስተካከላል።

ዋይፋዩ ነው እንዳትሉኝ። የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ አላቅቄ፣ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቼ ነው የለካሁት። ይህንንም ጠዋትና ማታ አስኬድኩት፦

```
ping 192.168.1.1
tracert -d 8.8.8.8
```

ራውተሩ ማታም በ1 ሚሊሰከንድ ይመልሳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የአቅራቢው መሣሪያ ግን ጠዋት 6 የነበረው ማታ 180 ይገባል። እሱ ብቻ ቢሆን ለፒንግ መልስ የሚሰንፍ መሣሪያ ነው ብዬ በተውኩት። ከእሱ በኋላ ያሉትም በሙሉ አብረው ይዘገያሉ። ጎረቤቶቼም በዚያው ሰዓት ያማርራሉ። ስለዚህ መጨናነቁ የጋራው መስመር ላይ ይመስለኛል።

ደውዬ ስነግራቸው መልሱ ያው ነው፤ «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው»። ቴክኒሻን የሚመጣው ደግሞ ቀን ነው፣ መስመሩ ደህና በሆነበት ሰዓት!

የጨነቀኝ ይህ ነው። የተጣበበው በስፕሊተር ለቤቶቹ የሚከፋፈለው ፋይበር ነው ወይስ ከሰፈሩ ወደ ማዕከል የሚወስደው መስመር? ከቤት ሆኖ መለየት ይቻላል? በሌላ ሰፈር፣ ለምሳሌ ፒያሳ፣ ያላችሁ በዚያው ሰዓት ለክታችሁ ብትነግሩኝ ይረዳኛል። ፓኬጁን ወደ 20 ያሳደገ ካለስ፣ ማታ ለውጥ አየ?